ለአከራካሪ ድርሰት ሩብሪክ፦ በደረጃ 2 እና በደረጃ 3 መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት እንጻፈው?

ቀይ እስክርቢቶ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ10ኛ ክፍል የአከራካሪ ድርሰት ማረሚያ የሚሆን ሩብሪክ እያዘጋጀሁ ነው። ነጥቡ በየመስፈርቱ ተለይቶ እንዲሰጥ እፈልጋለሁ። መስፈርቶቼ አምስት ናቸው፦ አቋም፣ ማስረጃ፣ ለተቃራኒ ሐሳብ የተሰጠ ምላሽ፣ አደረጃጀት እና ቋንቋ። ደረጃዎቹ አራት ናቸው። የቸገረኝ ሳጥኖቹ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ የማስረጃው ረድፍ አሁን ይህን ይመስላል፦

4 – ጠንካራና አሳማኝ ማስረጃ ያቀርባል
3 – ጥሩ ማስረጃ ያቀርባል
2 – መጠነኛ ማስረጃ ያቀርባል
1 – ደካማ ማስረጃ ያቀርባል

በዚህ ስናርም አንድ ወረቀት ከአንዱ መምህር 4 ከሌላው 2 ያገኛል። የድርሰቱ ርዕስ «ተማሪዎች ስልክ ይዘው ክፍል መግባት የለባቸውም» የሚል ነው። ካለያዩን ወረቀቶች ከአንዱ የተወሰደ አንቀጽ እነሆ፦

«ስልክ ክፍል ውስጥ መከልከል አለበት። ምክንያቱም ስልክ ትኩረት ይሰርቃል። ለምሳሌ መምህሩ ሲያስተምር አንድ ተማሪ መልእክት ሲመጣለት አጎንብሶ ያነባል። ስለዚህ ስልክ ትኩረት ስለሚሰርቅ መከልከል አለበት። አንዳንድ ሰዎች ስልክ ለትምህርት ይጠቅማል ይላሉ። እነሱ ግን ተሳስተዋል።»

ለዚህ ስንት ትሰጣላችሁ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳጥኑ ምን ቢል ሁላችንም አንድ ዓይነት ቁጥር እንሰጥ ነበር?

---

ልኬት

አራቱን ሳጥኖች ቅጽሉን በጣትዎ ሸፍነው ያንብቧቸው። በአራቱም የሚቀረው «ማስረጃ ያቀርባል» ነው። እንዲህ ከሆነ ረድፉ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። «ጥሩ» የት እንደሚያበቃ፣ «ጠንካራ» የት እንደሚጀምር እያንዳንዱ አራሚ ከራሱ ልማድ ያመጣዋል። ሠንጠረዡ ያስቀረው ነገር የለም።

አሁን አንቀጹን እንየው። አቋም አለ፣ ምክንያት አለ («ትኩረት ይሰርቃል»)፣ ምሳሌም አለ። የጎደለው ከምሳሌው ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ዓረፍተ ነገር ነው። ተማሪው መልእክት አነበበ፣ እሺ፤ ታዲያ ትምህርቱ ምን ሆነ? እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠው «ስለዚህ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምክንያቱንና አቋሙን አጣብቆ ይደግማቸዋል እንጂ ምንም አይጨምርም። 4 የሰጠው መምህር ምሳሌውን አይቷል፤ 2 የሰጠው ማብራሪያው እንደሌለ አይቷል። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው። ሳጥኑ ግን ከሁለቱ የትኛው ደረጃውን እንደሚወስን አልነገራቸውም።

ስለዚህ ረድፉን «ማስረጃና ማብራሪያ» ብለው ይሰይሙትና ከደረጃ 3 ይጀምሩ። 3 ተማሪው ተምሮ እንዲደርስበት የምንፈልገው ቦታ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይጻፋል፤ ሌሎቹ ከሱ ምን እንደጎደለ ወይም ምን እንደተጨመረ እየተባለ ይከተላሉ።

3 – ለእያንዳንዱ ምክንያት ቢያንስ አንድ ተጨባጭ ማስረጃ አለ (ምሳሌ፣ አኃዝ ወይም የታወቀ እውነታ)። ማስረጃው ምክንያቱን እንዴት እንደሚደግፍ የሚያስረዳ ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገርም ይከተለዋል።
2 – ማስረጃ አለ፤ ማብራሪያው ግን የለም፣ ወይም ምክንያቱን በሌላ ቃል ይደግማል።
1 – ምክንያቶች ያለ ማስረጃ ተደርድረዋል፣ ወይም የቀረበው ማስረጃ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።
4 – የ3ን ሁሉ ያሟላል፤ በተጨማሪም ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ማስረጃው ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ ለየትኛው ሁኔታ እንደሚሠራና ለየትኛው እንደማይሠራ ይናገራል።

በዚህ መሠረት አንቀጹ 2 ነው። ወደ 3 ለመድረስ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ «መልእክቱን ሲያነብ መምህሩ የሠራው የሒሳቡ ሁለተኛ እርምጃ ስለሚያመልጠው ሦስተኛው ከየት እንደመጣ አይገባውም» ቢል ምሳሌው ከምክንያቱ ጋር ይታሰራል። ተማሪውም ከ2 ወደ 3 ለመሄድ ምን መጻፍ እንዳለበት ከሳጥኑ ማንበብ ይችላል።

ባዶ ወረቀትና ከርዕሱ ጨርሶ የወጣ ጽሑፍ 1 አይሰጠው። ለሱ ከሠንጠረዡ ውጭ 0 ይኑር።

---

ቁጥር ይናገር

ይህን ያህል ማብራራት ሳያስፈልግ መቁጠር ይቻላል እኮ። ሦስትና ከዚያ በላይ ማስረጃ 4፣ ሁለት ማስረጃ 3፣ አንድ 2፣ ምንም ከሌለ 1። ሁለት ሰው ቢቆጥር ያው ቁጥር ነው። ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

---

ልኬት

@ቁጥር ይናገር ስምምነቱ ይጨምራል፤ እዚያ ላይ ትክክል ነህ። የሚቆጠር ነገር ሳጥን ውስጥ ሲገባ አራሚዎች ይቀራረባሉ። የሚለካው ነገር ግን ይቀየራል። «ስልክ ይጮኻል። ስልክ ያዘናጋል። ስልክ ይሰረቃል» ብሎ በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያለፈ ተማሪ 4 ያገኛል፤ አንዱን ማስረጃ ይዞ እስከ መጨረሻው ያብራራው 2 ይወርዳል። ሩብሪኩ ከመጻፋቸው በፊት ለተማሪዎች የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ድርሰት ሁሉም ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። መስፈርቱ ያዘዛቸውን ነው የሚያደርጉት።

ቁጥር የሚጠቅመው እንደ ወለል ነው፤ «ለእያንዳንዱ ምክንያት ቢያንስ አንድ» ያልኩት ለዚያ ነው። ደረጃን ከደረጃ የሚለየው ግን ተማሪው በማስረጃው ምን እንደሠራበት ይሁን። ስንት ምክንያት ያስፈልጋል የሚለው ጉዳይ ደግሞ ቦታው የፈተናው ትእዛዝ ነው፦ «ቢያንስ ሁለት ምክንያት አቅርብ» ተብሎ እዚያ ይጻፍ።

---

ሆሄ ጠባቂ

ስለ ሩብሪክ ከተነሳ አይቀር፣ ዋናው ችግር የሆሄያት ስህተት ነው። ለእያንዳንዱ ስህተት ግማሽ ነጥብ ቢቀነስ ተማሪው ይጠነቀቃል። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሳይለይ የጻፈ ሁሉ ሊቀነስበት ይገባል። ሳጥን ማብዛት ሳይሆን ጥብቅ መሆን ነው የሚያስፈልገው።

---

መምህርት ጽጌ

ሆሄ ጠባቂ፣ ጥያቄው ስለ ማስረጃው ረድፍ ነበር፤ የቋንቋው ረድፍም መጻፍ ስላለበት ግን ያነሱት ይጠቅመናል።

በየስህተቱ መቀነስ ረጅም የጻፈን ይቀጣል። 350 ቃል የጻፈ ተማሪ 120 ቃል ከጻፈው ይልቅ ብዙ የመሳሳት ዕድል አለው፤ ሐሳቡ ቢበልጥም በቅነሳው ይወድቃል። ተማሪውም ቶሎ ይገባውና እርግጠኛ ባልሆነባቸው ቃላት መጠቀም ይተዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ ቃላቱ ይሳሳሉ። በስህተት ብዛት ፈንታ ስህተቱ አንባቢውን ምን እንዳደረገው ብንጽፍ ይሻላል፦

4 – አያያዥ ቃላቱ የሐሳቡን ግንኙነት በትክክል ያሳያሉ («ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ካልሆነ በቀር» እያንዳንዳቸው በቦታቸው ገብተዋል)፤ ስህተት ቢኖር ለንባብ አያሰናክልም።
3 – ስህተቶች አሉ፤ አንባቢ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ዳግም ሳያነብ ይረዳል።
2 – ሐሳቡን ለማግኘት ዳግም መነበብ ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉ።
1 – አብዛኛውን ሐሳብ አንባቢው ከአውዱ ይገምታል።

ሞክሼ ሆሄያቱን በተመለከተ እኔ አልቀንስም። አንድ ቃል በአንድ ወረቀት ውስጥ በሁለት መልክ ከተጻፈ ግን በኅዳግ ላይ እጠቁማለሁ።

---

ሆሄ ጠባቂ

ስለ ርዝመቱ ያሉት ገብቶኛል። ሞክሼው ላይ ግን አልስማማም። «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ትርጉማቸው ይለያያል፤ ትርጉም የሚለይ ነገር ኅዳግ ላይ ተጠቁሞ ብቻ ሊታለፍ አይገባም።

---

መምህርት ጽጌ

ትርጉም ያዛባው በእርስዎም በእኔም ሚዛን 2 ላይ ይወድቃል፤ ዳግም ማንበብ አስፈልጓልና። የምንለያየው አውዱ ግልጽ ባደረገው ላይ ነው። እሱን አብረው የሚያርሙ መምህራን አስቀድመው ይወስኑና ከሠንጠረዡ ግርጌ ይጻፉት።

---

ሰባ ተማሪ

በአንድ ክፍል ሰባ ተማሪ ለሚያስተምር ሰው ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል? አምስት ረድፍ በአራት ደረጃ ሃያ ሳጥን ነው። እኔ ከአሥር አንድ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ያልቃል። ለምን አንድ ድምር ቁጥር አይበቃም?

---

ልኬት

@ሰባ ተማሪ አንድ ቁጥር አራሚው ምን አይቶ እንደሰጠው አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1961 ዲዴሪክና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት 300 ድርሰቶች ለ53 አንባቢዎች ተሰጥተው፣ መስፈርት ሳይነገራቸው በ9 እርከን እንዲመድቧቸው ተደርጎ ነበር። ከድርሰቶቹ 94 በመቶው ሰባት ወይም ከዚያ በላይ የተለያዩ እርከኖች ተሰጣቸው። አስተያየታቸው ሲመረመር ከፊሉ ሐሳቡን፣ ከፊሉ አደረጃጀቱን፣ ከፊሉ የቋንቋ ስህተቱን፣ ከፊሉ የቃላት ምርጫውን፣ ከፊሉም የጸሐፊውን ለዛ እያየ እንደነበር ታየ። ቀይ እስክርቢቶ የገጠማቸው 4 እና 2 ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ጊዜው የተናገሩት ግን እውነት ነው። ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ ለሳምንታዊ መልመጃ አምስቱንም ረድፍ አይጠቀሙ፤ በዚያ ሳምንት የተማሩትን አንድ ወይም ሁለት ረድፍ ብቻ ያርሙ፤ ሙሉው ለማጠቃለያ ድርሰት ይቆይ። ሁለተኛ፣ ሃያውንም ሳጥን ማንበብ የለብዎትም። ከ3 ይጀምሩና «ይህ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካለ 4ን ብቻ፣ ከሌለ 2ን ብቻ ያያሉ። አብዛኛው ወረቀት በረድፍ ሁለት ሳጥን ብቻ ያስነብባል።

---

ሰባ ተማሪ

ሁለተኛውን እሞክረዋለሁ። ለሰባ ወረቀት ግን አሁንም ብዙ ነው።

---

ጥርጥር

ልኬት፣ አንድ ነገር አስቸገረኝ። በማስረጃው ረድፍ 4 ለማግኘት ተማሪው የማስረጃውን ወሰን መናገር አለበት። የተቃራኒ ሐሳቡ ረድፍ ላይ ደግሞ 4 የሚሆነው የተቃራኒውን ወገን እውነት ሲቀበል ይመስለኛል። «ስልክ መዝገበ ቃላት ለመፈለግ እንደሚጠቅም አልክድም፤ መምህሩ በፈቀደበት ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢሆን ግን…» ያለ ተማሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ረድፍ ላይ 4 ያገኛል። ያልጻፈው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቀጣል። ይህ በነጥብ መለየት ነው ወይስ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር?

---

ልኬት

ጥያቄው ቦታውን ይዟል። መጀመሪያ የተቃራኒ ሐሳቡን ረድፍ ልጻፈው፦

1 – ተቃራኒ ሐሳብ አልተነሳም።
2 – ተነሥቷል፤ ምላሹ ግን መካድ ብቻ ነው («ተሳስተዋል»፣ «እውነት አይደለም»)።
3 – ተቃራኒው ሐሳብ ከነምክንያቱ ቀርቧል፤ ምላሹም ለዚያው ምክንያት የተሰጠ ነው።
4 – 3ን ያሟላል፤ በተጨማሪም ከተቃራኒው ሐሳብ የሚያስኬደውን ክፍል ተቀብሎ የራሱን አቋም በዚያ ልክ ያስተካክላል።

የላይኛው አንቀጽ እዚህም 2 ነው። «ለትምህርት ይጠቅማል» ሲል በምን እንደሚጠቅም አልተናገረም፣ ስለዚህ የሚመልስለት ነገር አጣ።

በእኔ እይታ ሁለቱ ይለያያሉ። የማስረጃ ወሰን ስለ ራስ ማስረጃ ነው፦ «ይህ ምሳሌ መልእክት ለሚያነብ ተማሪ ይሠራል፤ ስልኩን አጥፍቶ ቦርሳው ውስጥ ላስቀመጠው አይሠራም»። መቀበል ደግሞ ስለ ሌላው ወገን ሐሳብ ነው። በወረቀት ላይ ግን ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ስለዚህ ከግርጌ አንድ ደንብ ይጻፍ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት ረድፍ ነጥብ አያስገኝም፤ አራሚው በየትኛው እንደቆጠረው በእርሳስ ያመልክት።

ተመሳሳይ መደራረብ በአደረጃጀት ላይም አለ። ማብራሪያ የጎደለው አንቀጽ «የተቆራረጠ» ይመስላል፤ አራሚው ማስረጃው ላይ 2 ሰጥቶ ሲያበቃ አደረጃጀቱ ላይም ይቀንሳል። የአደረጃጀቱ ሳጥን የሚያየው የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል፣ ኃይለ ቃሉንና አንዱ አንቀጽ አንድ ጉዳይ መያዙን ብቻ ይሁን።

---

ጥርጥር

የእርሳሱ ደንብ ይረዳል። እኔ ግን ተቃራኒ ሐሳቡን ለብቻው ረድፍ ባላደርገው እመርጣለሁ። ራሱን የቻለ ረድፍ ሲሆን ተማሪዎች «አንዳንዶች… ይላሉ» የሚል አንቀጽ ከመደምደሚያው በፊት መለጠፍ ይለምዳሉ። ከማብራሪያው ጋር ቢዋሐድ በሚያስፈልግበት ቦታ ይመጣ ነበር።

---

መምህርት ጽጌ

ከተዋሐደ ግን ጨርሶ ያልጻፈው ተማሪ በሌላው ጥንካሬ ይሸፈንለታል። ገና ለሚማሩት ለብቻው መሆኑ ይሻላል እላለሁ። ለ12ኛ ክፍል ሐሳብዎ ያስኬዳል።

---

ቀይ እስክርቢቶ

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ነጥቡን ወደ መቶኛ እንዴት ልቀይረው? ሁሉም ረድፍ እኩል ክብደት ይኑረው?

---

ልኬት

ክብደቱ እርስዎ ያስተማሩትን ይከተል። ክርክር ያስተማረ ሰው ለቋንቋ እኩል ክብደት ከሰጠ ሠንጠረዡ ሌላ ነገር ይለካል። አንድ አማራጭ፦ አቋም ×2፣ ማስረጃና ማብራሪያ ×3፣ ተቃራኒ ሐሳብ ×2፣ አደረጃጀት ×2፣ ቋንቋ ×1። ክብደቶቹ ተደምረው 10፣ ከፍተኛው ነጥብ 40 ይሆናል። የላይኛው ድርሰት በአቋም 3፣ በማስረጃ 2፣ በተቃራኒ ሐሳብ 2፣ በአደረጃጀት 3፣ በቋንቋ 3 አገኘ እንበል። 6 + 6 + 4 + 6 + 3 = 25፤ ከመቶ 62.5።

ወጥመዱ እዚህ ነው። በሁሉም ረድፍ 1 ያገኘ ተማሪ 25 ከመቶ ያገኛል፤ በሁሉም 2 ያገኘ 50፣ በሁሉም 3 ያገኘ 75። ማለፊያው 50 ከሆነ አንድም ቦታ ማብራሪያ ያልጻፈ፣ ለተቃራኒውም «ተሳስተዋል» ብሎ ያለፈ ተማሪ አለፈ ማለት ነው። ያንን ከፈለጋችሁ ይሁን፤ ካልፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ ደረጃ የመቶኛ መጠን ቀድማችሁ ወስኑ እንጂ ቁጥሩ በማባዛት ብቻ አይምጣ።

ከመጠቀማችሁ በፊት ስም የተሸፈነባቸው 12 ያህል ወረቀቶች ውሰዱና ሁለት መምህራን ሳትነጋገሩ አርሟቸው። ከዚያ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንድ ረድፍ ላይ ብቻ የሁለት ደረጃ ልዩነት ከተደጋገመ ችግሩ የዚያ ሳጥን ጽሑፍ ነው። አንዱ መምህር በሁሉም ረድፍ በአንድ ዝቅ የሚል ከሆነ ጽሑፉን አትንኩ፣ በጥብቅነት ነው የተለያያችሁት። በብዙ ወረቀቶች አምስቱም ረድፍ ላይ ያው ቁጥር (3-3-3-3-3) ከታየ ደግሞ አራሚው በመጀመሪያው ረድፍ ያደረበትን ስሜት ወደ ሌሎቹ እየወሰደው ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የሁሉንም ወረቀት አንድ ረድፍ አርሞ ከጨረሱ በኋላ ወደ ቀጣዩ ረድፍ መሄድ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ለሙከራው ግን ተገቢ ነው።

---

ቀይ እስክርቢቶ

አዲሱን የማስረጃ ረድፍ ከባልደረባዬ ጋር ሞከርነው። የሁለት ደረጃ ልዩነት ጠፋ። አሁን የሚለያየን አንድ ዓይነት ወረቀት ነው፦ ሁለት ምክንያት አለው፤ የመጀመሪያው በማስረጃና በማብራሪያ ተሟልቷል፣ ሁለተኛው ግን ምሳሌ ብቻ ነው። እኔ «ለእያንዳንዱ» የሚለውን ይዤ 2 ሰጠሁ፤ ባልደረባዬ «እንደሚችል አሳይቷል» ብሎ 3 ሰጠ።

---

ልኬት

ሳጥኑ እንደተጻፈ ከሆነ 2 ነው። ግን ጥብቅ መሆኑ አይካድም፤ አንድም ያላብራራውና አንዱን በሚገባ ያብራራው እኩል ይሆናሉ። 2.5 መስጠት አይመከርም፤ በየሳጥኑ መሐል ሌላ ሳጥን ይከፈትና ክርክሩ ወደዚያ ይዛወራል። ወይ «ለእያንዳንዱ» የሚለውን «ቢያንስ ለዋናው ምክንያት» በሚል ይተኩት፤ ወይ እንዳለ ይተዉትና ለተማሪዎቹ አስቀድመው በግልጽ ይንገሯቸው። ለመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የፊተኛውን፣ ለሁለተኛው የኋለኛውን እመርጣለሁ።

---

ጥርጥር

«ዋናው ምክንያት» የትኛው እንደሆነ ማን ይወስናል? ተማሪው ካልተናገረ ሁለቱ አራሚዎች የተለያየ ምክንያት ሊመርጡ ነው። «ቢያንስ ለአንዱ ምክንያት» ይባል፤ ያ ወረቀቱ ላይ ይታያል።

---

ቀይ እስክርቢቶ

«ቢያንስ ለአንዱ» የሚለውን ይዘን በሚቀጥሉት ወረቀቶች እንሞክረዋለን። ደረጃ 2ም ለዚሁ ሲባል «በአንዱም ምክንያት ላይ ማብራሪያ የለም» ተብሎ ይስተካከላል። ባልደረባዬ ግን አሁን ደግሞ ሁለቱንም ያብራራው 3 ላይ አንዱን ብቻ ካብራራው ጋር እኩል መሆኑ አልተዋጠለትም፤ ለሱ 4 ላይ ቦታ እንፈልግለት እያለ ነው።